ለአሥረኛ ዓመታችሁ የጻፍከውን ሰማሁት

ልጄ፣

እንዴት ከረማችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ለምራቴ የጻፍከውን ትናንት እህትህ አነበበችልኝ። ቃሉ ያምራል። ደግሜ አስነብቤ ሳዳምጠው ግን ምራቴን አጣኋት። «ክፉውንም ደጉንም አብረን አሳለፍን» ብለሃል። ክፉው የቱ ነው? ይኼንንማ ማንም ለሚስቱ ይለዋል።

ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ፣ ልጃችሁን አዝላ በእግሯ ኮምቦልቻ ወርዳለች። ደብረ ብርሃን ስትደርሱ ለቤት ኪራይ የሸጠችው የሠርጓን ወርቅ ነው። እሱን ከነወሩ፣ ከነቦታው ጻፈው።

ታኅሣሥ ላይ ስትመለሱ ሱቁም ቤቱም ተዘርፎ አገኛችሁት። በባዶው ቤት ሦስት ድንጋይ ጎልታ ቡና አፍልታ፣ ጎረቤት ጠርታ እስከ በረካው አስጠጣችን። ያን ቀን ስትስቅ አይቼሃለሁ። ደስታችሁን የምትፈልገው ሠርጋችሁ ላይ ብቻ ነው፤ ለእኔ ግን ከዚያ ቡና የሚበልጥ የለም።

አሁን የሚከብድህን ልበል። ከዚያ በኋላ ወራት ሙሉ ዘጋሃት። እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤት እያስረከበች ቤቱን ያቆመችው እሷ ናት። ጽሑፍህ ውስጥ ጦርነቱ በደፈናው አለ፣ ዝምታህ ግን ጭራሽ የለም። ጦርነቱ በሁላችንም ላይ የመጣ ነው፤ ዝምታህን የተሸከመችው ግን ብቻዋን ነው። «ሱቁ ስለተዘረፈ ነው» ብለህ አትጀምር፣ ይቅርታህ ይበላሻል። ትዕግሥቷን ብቻም አታመስግን፤ ወደፊትም ታገሺኝ ያልካት ይመስላታል።

እኔ ብሆን እንዲህ እላት ነበር፦

«በ2014 ወርቅሽን ሸጠሽ ቤት አስገባሽን። ባዶ ቤታችን ስንመለስ ቡና አፈላሽ፤ ከስንት ቀን በኋላ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ እኔ ዘጋሁሽ። ማታ ማታ እጅሽ በምጣድ ተቃጥሎ እያየሁ እንዴት ዋልሽ አላልኩሽም። ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን ልጠይቅሽ፤ ያኔ ምን ልትነግሪኝ ፈልገሽ ነበር?»

ስለጠፋው ፅንስ ግን በጽሑፍ አታንሳ። እሱ ከማንም በላይ የእሷ ሐዘን ነው፤ ካነሳችው ቁጭ ብለህ ስማት። ወርቁንም መግዛት ብትችል ከዚህ ደብዳቤ ጋር አትስጣት። ዕዳ የመለስክ ይመስላል፤ ሌላ ቀን ይሁን።

ፌስቡክ ላይ ከማውጣትህ በፊት ልጆቹ ሲተኙ ራስህ አንብብላት። ይኼ ይቅር ካለችህ፣ በጣም የወደድከው መስመር ቢሆንም ሰርዘው። አብሽር፣ አንተ ከልብህ ስትናገር ታውቅሃለች። ቅቤ በእህትህ በኩል ልኬላችኋለሁ፣ ግማሹ ለምራቴ እናት ነው።

እናትህ