እማዬ፣ ክትባቱን ከመጀመርሽ በፊት

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? የላክሽልኝን የሄፓታይተስ ቢ ውጤት ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። «ኔጌቲቭ ነው ተብያለሁ፣ ክትባቱን ልጀምር?» ብለሽኛል። መጀመሪያ ግን ሦስቱንም መስመር እንያቸው፣ ሁሉም አንድ ነገር አይናገሩም።

HBsAg የሚለው የቫይረሱ የላይኛ ሽፋን ነው። ደም ውስጥ ከተገኘ ቫይረሱ አሁን አለ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ክትባት አይጠቅመውም፣ የሚያስፈልገው የሐኪም ክትትል ነው። ያንቺ ኔጌቲቭ ነው፣ ተመስገን።

anti-HBs ደግሞ ሰውነትሽ የሚሠራው መከላከያ ነው። ከክትባት በኋላም፣ በሽታው ይዞ ከለቀቀ በኋላም ይገኛል። 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ያንቺ 4 ነው። እዚህ ላይ ብናቆም «ትከተብ» ብለን እንጨርስ ነበር።

ሦስተኛው መስመር ግን anti-HBc ፖዘቲቭ ይላል። ይሄን ክትባት አያመጣውም፤ ክትባቱ ውስጥ ያለው የቫይረሱ ሽፋን ብቻ ሲሆን ይሄ አንቲቦዲ ግን የሚሠራው በውስጡ ባለው ክፍል ላይ ነው። ስለዚህ ምናልባት ድሮ ሳታውቂው ይዞሽ ለቆሻል፣ መከላከያውም ከጊዜ ብዛት ቀንሷል። ምርመራው ተሳስቶም ሊሆን ይችላል። አልፎ አልፎ ደግሞ በሽታው ገና ከቅርብ ጊዜ የያዘ ይሆናል፣ ወይ HBsAg የማያሳየው ትንሽ ቫይረስ ጉበት ውስጥ ይቀራል።

ለዚህ ነው ከመርፌው በፊት ሐኪምሽን አናግሪ የምልሽ። ምርመራው ይደገምልኝ በይ፣ የቅርብ ጊዜ መሆን አለመሆኑን የሚለየውን IgM anti-HBcም ጠይቂ። ቫይረሱን ራሱን ደም ውስጥ የሚፈልገውን የHBV DNA ምርመራና የጉበት ኢንዛይም ማየት ያስፈልግ እንደሆነ እሱ ይወስናል። ቫይረስ ከሌለ አንድ መርፌ ተወግተሽ ከአንድ ወር በኋላ anti-HBs ቢለካልሽ ብዙ ነገር ይታወቃል፤ ቁጥሩ በደንብ ከዘለለ ሰውነትሽ ቫይረሱን ያስታውሰዋል ማለት ነው፣ ካልዘለለ ግን ሦስቱን መርፌ ትጨርሻለሽ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንድ ወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር። መከተቡ በራሱ አይጎዳሽም፣ እኔን የሚያሳስበኝ ተከትበሽ ሌላው ጥያቄ ተረስቶ እንዳይቀር ነው። እና ደግሞ መርፌ በተወጋሽ በሳምንት በሁለት ሳምንት ውስጥ HBsAg አታስመርምሪ፤ የክትባቱ ሽፋን ራሱ ደም ውስጥ ታይቶ ፖዘቲቭ ሊያስብልና በከንቱ ሊያስደነግጥሽ ይችላል።

ከሁሉ በላይ ይሄን ያዢልኝ። ማንም ሐኪም የሰውነት መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት፣ ለምሳሌ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ስቴሮይድ ወይም የካንሰር መድኃኒት ሊያዝልሽ ካሰበ «anti-HBc ፖዘቲቭ ነኝ» ብለሽ ቀድመሽ ንገሪው፤ ተኝቶ የቆየው ቫይረስ በእንደዚህ ዓይነት መድኃኒት ሊነሳ ይችላል። ወረቀቱን አትጣይው፣ ሐኪምሽ ጋ ስትሄጂ ይዘሽው ግቢ። ስትወጪ ደውዪልኝ።

ልጅሽ