ቴሌቪዥኑን ያቃጠለው የጎረቤት ምጣድ ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ፤ ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፈው። ጉዳዬ መብራት ነው። ጠፋብን ብዬ ላማርር አይደለም፤ መጥፋቱንስ ለምደነዋል። የሰፈራችንን ቴሌቪዥኖች የፈጃቸው መጥፋቱ ሳይሆን ያለልክ መጨመሩ ነው።

የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ዋዜማ ማታ ነበር። ውጭ ዝናብና ንፋስ፣ በየቤቱ ደግሞ የእንጀራ ጋገራ። እኛ ቤት ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል። ኩሽና ያለችው አሮጌ ቢጫ አምፖል ድንገት ቦግ ብላ ነጭ ሆነች። "ምን ጉድ ነው?" ሳንል ሳሎን ውስጥ ጧ አለ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ቴሌቪዥኑም ሪሲቨሩም ጭልም አሉ። ልጄ ሮጦ ቆጣሪው ጋ ያለውን ብሬከር አወረደው። ያን ጊዜ ከአጥር ማዶ ያሉት እማማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "የናንተም መብራት ደከመ? ምጣዴ አልሞቅ አለኝ፣ አምፖሉም ኩራዝ መሰለ!" አሉን።

እኛ ጋ በዛ፣ እሳቸው ጋ አነሰ። ነገሩ የገባን ኤሌክትሪሺያኑ መጥቶ ሲለካ ነው። በእኛ መስመር 295 ቮልት፣ በእማማ መስመር 85። "እስኪ ደምሩት" አለን። 380።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰፈር ምሰሶ ላይ የሚሄዱት ሽቦዎች አራት ናቸው፤ ሦስቱ ኤሌክትሪክ የሚያመጡ ፌዝ፣ አንዱ መመለሻው ኒውትራል። አንድ ቤት ከአንዱ ፌዝና ከኒውትራሉ 220 ቮልት ያገኛል። በሁለት ፌዞች መካከል ግን ያለው 380 ነው። ኒውትራሉ ሲበጠስ ወይም ማያያዣው ሲላላ፣ የእኛ ቤት ኤሌክትሪክ መመለሻ ያጣና በሌላ ፌዝ ላይ ባለ ጎረቤት ቤት በኩል ይዞራል። ሁለቱ ቤቶች 380ውን ይካፈሉታል። አከፋፈሉ ግን ፍትሕ የለውም፤ ብዙ የሚጠቀመው ጥቂት ቮልት ይደርሰዋል፣ ጥቂት የሚጠቀመው ብዙ። ምጣድ የጣዱት እማማ 85 ሲደርሳቸው፣ አንድ ቴሌቪዥንና ሁለት አምፖል የከፈትነው እኛ 295 ወረደብን። ጥፋቱ የምሰሶው እንጂ የምጣዱ አይደለም፤ እማማን ይህን ለማሳመን ግን ሁለት ቀን ፈጅቶብናል።

ብሬከሩ ለምን አልወደቀም የሚል ካለ፣ ብሬከር የሚጠብቀው ከሽቦው አቅም በላይ ኤሌክትሪክ ሲሳብና ሽቦ ከሽቦ ሲነካካ ነው። ቮልት ሲጨምር አያውቅም። የእኛ በልጄ እጅ ወረደ እንጂ በራሱ አልወደቀም።

ጠጋኙ ቴሌቪዥኑን ሲከፍተው ፊውዙ ተቃጥሏል፤ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትልቁ ካፓሲተር አናቱ አብጦ ፈንድቷል። ጎኑ ላይ የአቅሙ ጣሪያ 400 ቮልት ተብሎ ተጽፏል። 295 የሚባለው የተለዋዋጩ ኤሌክትሪክ ልክ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ወደ ቀጥተኛ ሲቀየር ከ410 ያልፋል። ለዚያ ነው የፈነዳው። ሪሲቨሩ ግን ደህና ነበር። የሞተው ግድግዳው ላይ የሚሰካው ባለ 12 ቮልት አዳፕተር ብቻ ነው። ሪሲቨር ወይም ዲኮደር ተቃጠለ ብላችሁ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት አዳፕተሩን አስለኩ። ስትቀይሩም ቮልቱ እኩል፣ አምፒሩ ከድሮው ያላነሰ ይሁን፤ የመሰኪያውን ፖላሪቲ፣ ማለትም ፕላስና ማይነሱንም አስተያዩ።

አሁን ወደ መከላከያው። ብዙዎቻችን መብራት አስቸገረ ሲባል ስታቢላይዘር እንገዛለን። እኔ ለቴሌቪዥን የግድ ነው አልልም። ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ የብዙዎቹ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል። ዝቅ ማለቱን ራሳቸው ይችሉታል፤ የሚገድላቸው ከፍ ማለቱ ነው። ርካሹ ስታቢላይዘር ደግሞ ከአቅሙ በላይ ሲመጣበት ካልቆረጠ፣ አብሮ ከመቃጠል በቀር ጥቅም የለውም። ቮልት ሲወርድ የሚጎዳው ፍሪጅ ነው፤ ስታቢላይዘሩ ለእሱ ይሁን።

ሰርጅ የሚል የተጻፈበት ዲቫይደርም አለ። እውነተኛው ውስጡ ቫሪስተር የሚባል ክፍል አለው፤ ከሰከንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ የሚያልፍ ግፊት ያስቀራል። እንደኛው ዓይነት ለደቂቃዎች የሚቆይ ጭማሪ ሲመጣ ግን እሱ ራሱ ነዶ ያልቃል። ስለዚህ ምንጣፍ ላይ ወይም መጋረጃ ሥር አታስቀምጡት። አንዳንዱን ደግሞ ስትከፍቱት ከመዳብ ዘንግና ከቀይ ማብሪያ በቀር ምንም የለበትም!

እኛን የሚያስፈልገን ቮልት ከልክ ሲያልፍ ወይም ሲያንስ የሚቆርጥ ቮልቴጅ ፕሮቴክተር ነው። አንዱ ሶኬት ላይ የሚሰካ ነው፤ ለቴሌቪዥንና ለሪሲቨር ይበቃል። ሌላው በኤሌክትሪሺያን እጅ ከዋናው ብሬከር ቀጥሎ የሚታሰርና ቤቱን በሙሉ የሚጠብቅ ነው። የእኛን ላዩን 250፣ ታችኛውን 170 ላይ አስተካከልነው። መብራት ሲመለስም ወዲያው አይለቅም፤ ሦስት ደቂቃ ይጠብቃል። ሱቅ ውስጥ ስትሞክሩት ከሰካችሁት በኋላ ወዲያው ኤሌክትሪክ ከሰጠ ወይ መቆያው ተነሥቷል፣ ወይ የምትፈልጉት ዕቃ አይደለም። ሶኬት ላይ በሚሰካው ምጣድ እንዳታስነሱበት፤ አይችለውም።

መብረቅ ሌላ ነገር ነው። ቅርብ ከወደቀ ይህ ሁሉ ዕቃ አያስቀረውም። ሰማዩ ማጉረምረም ሳይጀምር የቴሌቪዥኑን ሶኬት ንቀሉ፤ ከሪሲቨሩ ጀርባ ያለውን የዲሽ ገመድም ፍቱ። ብዙ ሰው ሶኬቱን ይነቅልና ገመዱን ይረሳዋል፤ ዲሹ ያለው ግን ጣሪያ ላይ ነው። ነጎድጓዱ ከጀመረ በኋላ ከሆነ ገመዱን አትንኩት፣ ይቅር።

መብራት ሲጨምር ድሮ አምፖሉ ይነግረን ነበር። የዛሬዎቹ ኤልኢዲዎች ብርሃናቸውን ሳይለውጡ ቆይተው ድርግም ይላሉ። ኩሽናችን ያለችው አሮጌ አምፖል አዳነችን እላለሁ፤ ብሬከሩን ያወረድነው እሷን አይተን ነው፣ ፍሪጁም የተረፈው በዚያ ነው። የፍሪጅ ድምፅ ከተለወጠ፣ ወይም አንዱ ቤት ሲደምቅ ሌላው ከደበዘዘ፣ ቴሌቪዥን ልንቀል ብላችሁ ጊዜ አታጥፉ፤ ቀጥታ ዋናውን ብሬከር አውርዱ። ምሰሶ ላይ ማንም ጎረምሳ አይውጣ። ጥገናው አለቀ ሲባልም በመልቲሜትር ሳይለካ ብሬከሩን አታንሱ፤ ካቻቪቴ የሚመስለው ቴስተር መብራት መኖሩን እንጂ ስንት ቮልት መሆኑን አይናገርም።

መስመር ለሚጠግኑት ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። ክረምት ሳይገባ የየምሰሶውን የኒውትራል ማያያዣ ዞር ብላችሁ ብታጠብቁልን ምናለበት? የእኛ ሰፈሩ ዝጎ የላላ አንድ ማያያዣ ነበር።

እማማ አሁንም ልባቸው አላመነም። ምጣድ ከመጣዳቸው በፊት በአጥሩ በኩል፣ "ልጥድ ነው፣ ቴሌቪዥናችሁን ንቀሉ!" ይሉናል።

አንድ አንባቢ
ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ