የአንድ ሕንፃ ምስሎች ለምን አይመሳሰሉም? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ የአንድን ሕንፃ የተለያዩ ዕይታዎች በማልበሻ ዕቃና በብርሃን ስለማመሳሰል

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ካዛንቺስ ወደሚገኘው ቢሮአችን ከመጡ ደንበኞች አንዳንዶቹ በምስል አመንጪ ፕሮግራም የሠራንላቸውን የሕንፃቸውን አራት ምስሎች ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው «ለመሆኑ ይህ አንድ ሕንፃ ነው?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ በመሆኑ ምክንያቱንና አሁን የምንሠራበትን መንገድ በጽሑፍ ልናስረዳችሁ ወደናል።

ምስል አመንጪው ፕሮግራም እያንዳንዱን ምስል የሚጀምረው ትርጉም ከሌለው ነጠብጣብ ሲሆን፣ ያንኑ ደረጃ በደረጃ እያጠራ ከተጻፈለት መግለጫ ጋር የሚስማማ ሥዕል ያወጣል። ወደ ሁለተኛው ምስል ሲያልፍ የመጀመሪያውን አያስታውስም፤ «በአምቦ ድንጋይ የተለበጠ ግድግዳ» ብለን አራት ጊዜ ብንጽፍለት አራት ጊዜ አዲስ ድንጋይ ይመርጣል። የመነሻውን ነጠብጣብ የሚወስነውን seed የተባለ ቁጥር ለሁሉም አንድ ማድረግም ችግሩን አይፈታም፤ ነጠብጣቡ የተያያዘው ከሥዕሉ ገጽ ጋር እንጂ ከሕንፃው ግድግዳ ጋር ስላልሆነ፣ ካሜራው ዞር ሲል ዝምድናው ይቋረጣል።

ስሕተቱን የተማርነው ከራሳችን ሥራ ነው። ፊቱ ወደ ምሥራቅ የሆነ አንድ ሕንፃ የምድር ወለሉ 3.6 ሜትር ከፍታ ነበረው፤ ሊለበጥ የታሰበው ድንጋይ ደግሞ የአንዱ ቁመት 30 ሳንቲ ሜትር ስለነበር 12 ረድፍ መታየት ነበረበት። በፊት ለፊቱ ምስል 12 ረድፍ ወጣ፤ በማዕዘኑ ምስል ግን 8 ብቻ ሆነ፣ ማለትም ድንጋዩ ሳንነግረው ወደ 45 ሳንቲ ሜትር አደገ። ቀለሙ ተቀራራቢ ስለነበር እኛ አላየነውም፤ ቆጥሮ ያገኘው የደንበኛችን ፎርማን ነው። ከዚያ ወዲህ ከቀለም በፊት ረድፍ እንቆጥራለን።

በዚያው ሥራ የፊቱም የጀርባውም ግድግዳ ደማቅ ፀሐይ አርፎባቸው ነበር። ምስሎቹ የአንድ ሰዓት ምስሎች ናቸው ከተባለ፣ ተቃራኒ አቅጣጫ የሚያዩ ሁለት ግድግዳዎች በአንድ ጊዜ ፀሐይ ሊያገኙ አይችሉም። በአዲስ አበባ ታኅሣሥ 12 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ፀሐይ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከአድማስ ወደ 31 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ስለዚህ የምሥራቁና የደቡቡ ግድግዳ ሲበሩ የምዕራቡና የሰሜኑ በጥላ ውስጥ ይቆያሉ፤ 10 ሜትር ቁመት ያለው ነገር ጥላም ወደ 17 ሜትር ገደማ ይረዝማል።

አሁን የድንጋዩንና የፀሐይን ውሳኔ ለፕሮግራሙ አንተውለትም። አስቀድመን በኮምፒውተር በ3D በተሠራው የሕንፃ ሞዴል ላይ የድንጋዩን መጠን፣ የመስታወቱን ቀለምና የፀሐይን ቦታ ወስነን፣ አራቱንም ዕይታዎች ከዚያው ሞዴል በቀላል ሬንደር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሞዴሉን በቀጥታ በሚሥልበት ምስል፣ እናወጣለን። ፕሮግራሙ የሚሠራው በእነዚህ ሬንደሮች ላይ ነው። ምን ያህል እንዲለውጥ እንደምንፈቅድለት የሚወስነው Denoising strength የሚባል ከ0 እስከ 1 ያለ ቁጥር ሲሆን፣ እኛ አብዛኛውን ጊዜ 0.3 አካባቢ እናደርገዋለን፤ ከ0.6 ካለፈ ድንጋዩን እንደ ገና መፈልሰፍ ሲጀምር አይተናል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ምስሉ ትንሽ ድርቅ ይላል፤ እኛ ግን ድርቅ ያለውን እንመርጣለን። እናንተ ያጸደቃችሁት የመጀመሪያ ምስልም ለቀሩት ሦስቱ የቀለም ማጣቀሻ ሆኖ ይገባል።

ምስሎቹን ስትመረምሩ ፀሐይ ያረፈበትን ድንጋይ ፀሐይ ካረፈበት፣ ጥላ ውስጥ ያለውንም ጥላ ውስጥ ካለው ጋር አስተያዩ። በጥላ ያለው ድንጋይ ብርሃን የሚያገኘው ከሰማይ ስለሆነ ወደ ሰማያዊ ማድላቱ ጉድለት አይደለም። በመስታወት ላይ የሚታየው ነጸብራቅ፣ የዛፎቹ ቅጠልና መንገደኞቹ ግን ከዕይታ ዕይታ መለያየታቸው አይቀርም፤ ይህን እናስተካክላለን ብለን ቃል አንገባም። የድንጋዩን ትክክለኛ ቀለም በተመለከተም ወሳኙ በእጃችሁ ያለው ናሙና እንጂ ምስሉ አይደለም።

ስለዚህ ሥራ ከመጀመራችን በፊት የማልበሻ ዕቃዎቹን ስምና መጠን፣ በቀን ብርሃን የተነሣ የናሙና ፎቶግራፍ፣ እንዲሁም የምትመርጡትን ቀንና ሰዓት እንድትልኩልን በአክብሮት እንጠይቃለን። የመጀመሪያው ምስል ከጸደቀ በኋላ ድንጋዩ ወይም ሰዓቱ ቢቀየር አራቱም ምስሎች እንደ አዲስ ይሠራሉ። አንዱን ብቻ «ትንሽ አድምቁልን» የሚል ጥያቄ ሲመጣም፣ ያንኑ ለውጥ በአራቱም ላይ እንድናደርግ ፈቃዳችሁን እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር