የፎቶግራፍ ክበብ፦ በቀይ የተከበበው ፔርሙዝ

የዘንድሮው የፎቶግራፍ ክበባችን ሥራ ብዙ ነው። የወላጆች ቀንን አንስተናል፣ ለቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ፎቶዎች አሳትመናል፣ አዲስ የገቡ የዘጠነኛ ክፍል ልጆችም ካሜራ መያዝ ተምረዋል። ስለ እነዚህ ብዙ አልጽፍም፤ ፎቶዎቹን አይታችኋቸዋል። እኔ መጻፍ የምፈልገው ማንም ስላላየው ሥራ ነው። ዘንድሮ ልጆቹ የሰው ፎቶ ተቀብለው ኤዲት ማድረግ ጀምረዋል። በዚህ ሥራ ትልቁን ትምህርት ያገኘነው ደግሞ ከአንዲት እናት መልእክት ነው።

መጀመሪያ ላይ የሚመጡልን ጥያቄዎች እንዲህ ነበሩ፦ «ያችን ነገር አውጡልኝና ጥሩ ነገር አድርጉበት»፣ «በቀኝ በኩል ያለውን ቀይሩት»። በማን ቀኝ? ፎቶው ውስጥ በቆመው ሰው ቀኝ ነው ወይስ ፎቶውን በሚያየው? ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው። «ጥሩ ነገር»ም ለአንዱ አበባ ነው፣ ለሌላው ሞሰብ። ልጆቹ ግማሽ ቀን ለፍተው ሲልኩ መልሱ «ይሄን አላልኩም» ይሆናል። ጥፋቱ የእጃቸው አልነበረም። ኤዲት የሚያደርግ ሰው የደንበኛውን ሐሳብ ማየት የሚችለው በተጻፈለት ልክ ብቻ ነው።

ከዚያ የአንዷ ተማሪያችን እናት ፎቶ ላኩ። በዓል ቀን ነው። ቡና ተፈልቷል፣ ቤተሰቡ ተሰብስቧል፣ ረከቦቱ ላይ ግን ከሲኒዎቹ ኋላ ትልቅ ሰማያዊ ፔርሙዝ ቆሟል። መልእክታቸውን ፈቅደውልኝ እዚህ አስፍሬዋለሁ፦

«ሰላም ናችሁ ልጆች። ሦስት ፎቶ ልኬያለሁ። አንደኛው ዋናው ነው፤ ምንም አልነካሁትም። ሁለተኛው ያው ፎቶ ነው፤ የሚቀየረውን በቀይ ከብቤበታለሁ። የሚቀየረው የተከበበው ሰማያዊ ፔርሙዝ ብቻ ነው። ፎቶውን ለሚያይ ሰው በግራ በኩል ነው። በሱ ቦታ ሦስተኛው ፎቶ ላይ ያለችው ጀበና ትግባልኝ። የእናቴ ጀበና ስለሆነች ሌላ ጀበና አይሁን፤ ቅርጿም ጥቁረቷም እንዳለ ይቆይ። ከሥሯ ያለው ጨርቅ አያስፈልግም። ቁመቷ አራት ሲኒ ቢደራረብ ያህላል። ከፔርሙዙ ፊት የልጄ እጅ አለ፤ እሱን እንዳትነኩት። የሰው ፊትም አትንኩ። በኤ ፎር ወረቀት አሳትሜ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ።»

ይህን መልእክት በክበቡ ስብሰባ ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ለምን ጥሩ እንደሆነም ከልጆቹ ጋር አንድ በአንድ አየን። ከሁሉ በፊት ምልክቱ ያለው በቅጂው ላይ ነው። ዋናው ፎቶ ላይ ቢሆን ኖሮ ቀዩ መስመር ራሱ የሚጠፋ ነገር ሆኖ ተጨማሪ ሥራ ይፈጥርብን ነበር። ቀጥሎ፣ ክቡ ብቻውን አልቀረም፤ «ሰማያዊ ፔርሙዝ» የሚል ስም አብሮት አለ። ክብ ሁልጊዜ ከሚፈለገው በላይ ይከባል። በዚያ ቀይ ክብ ውስጥ ሁለት ሲኒና የልጅቷ እጅ ገብተዋል። ስሙ ባይጻፍ ኖሮ እነሱም ይወጡ ይሆን ብለን መጠራጠራችን አይቀርም።

ሦስተኛውን ፎቶ ለምን እንደላኩም ተናግረዋል። ይህ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ነው። ማሳያ ፎቶ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «እንዲህ ያለ ነገር» ለማለት ነው፤ ኤዲት የሚያደርገው ልጅ ተመሳሳዩን ከሌላ ቦታ ማግኘት ይችላል። ሌላው «ይህችው ራሷ» የሚል ነው፤ ከዚያው ፎቶ ተቆርጣ ትገባለች። ሁለተኛው ከሆነ የፎቶው ጥራት፣ ብርሃኑና የተነሳበት ከፍታ ሁሉ ዋጋ አለው።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ችግሩ የታየን። በዋናው ፎቶ ብርሃኑ የሚመጣው በግራ በኩል ካለ መስኮት ነው። ጀበናዋ ግን ከቀኝ በር በሚገባ ብርሃን ነው የተነሳችው። አንዱ ልጅ «እንገልብጣት» አለ። ቢገለበጥ ብርሃኑ ይስተካከላል፣ ግን እጀታዋ ወደ ሌላኛው ጎን ይዞራል። የገዛ እናታቸውን ጀበና ለሚያውቁ ሰው ይህ ወዲያው ይታያል። ከፍታውም አልገጠመም። ቤተሰቡን ያነሳው ሰው ቆሞ ወደ ታች እያየ ስለነበር የሲኒዎቹ አፍ ሰፋ ያለ ሞላላ ሆኖ ይታያል። ጀበናዋ ግን በትክክል ከፊት ለፊት ነው የተነሳችው። ከፊት የተነሳን ዕቃ ከላይ የታየ ለማስመሰል ቢሳብ ቢለጠጥ አይሆንም፤ ያልተነሳው የላይኛው ገጽታ ፎቶው ውስጥ የለምና።

ስለዚህ ልጆቹ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «እማማ፣ ጀበናዋን በዚያው መስኮት አጠገብ፣ ቆመው፣ አንድ ሲኒ አጠገቧ አስቀምጠው ደግመው ያንሱልን።» ሲኒው ሁለት ነገር ይነግረናል። የአፉ ሞላላ ከዋናው ፎቶ ሲኒዎች ጋር ከገጠመ ከፍታው ትክክል ነው። የሲኒውን መጠን ስናስተካክል ደግሞ የጀበናዋ መጠን አብሮ ይስተካከላል። በቴሌግራም ሲልኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንዲሆን ነገርናቸው። እንደ ፎቶ ከተላከ ቴሌግራም ያሳንሰዋል፤ ስልክ ላይ ደህና ይመስልና ኤ ፎር ላይ ሲታተም ይደበዝዛል። ለኤ ፎር ጥሩ ኅትመት 2480 በ3508 ፒክስል ያህል ያስፈልጋል።

አዲሱ ፎቶ በማግስቱ ደረሰ። ሥራው የተሠራው ጊምፕ በሚባል የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው። ሰው የሚመስለው ጀበናዋን ፔርሙዙ ላይ መለጠፍ ብቻ ነው። ግን ፔርሙዙ ከጀበናዋ ይረዝማል፣ የጀበናዋ አንገት ደግሞ ቀጭን ነው። ብትለጠፍ ከአንገቷ ግራና ቀኝ፣ ከአፏም በላይ ሰማያዊ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ ፔርሙዙ ሙሉ በሙሉ ጠፋ፤ ከኋላው ያለው መጋረጃ ከጎኑ እየተቀዳ እጥፋቱን ጠብቆ ተሞላ። ከዚያ ጀበናዋ ተቆርጣ በራሷ ሌየር፣ ማለትም ከሥሩ ያለውን ፎቶ ሳይነካ በላዩ በሚደረብ ንብርብር፣ ገባች። የልጅቷ ጣቶች ባሉበት ቦታ የሌየሩን ክፍል በሚደብቀው ማስክ ተሸፈነች፤ እጇም ከፊት ሆነ።

ጥላው ብዙ ጊዜ ወሰደ። የመስኮት ብርሃን ለስላሳ ስለሆነ ጥላው ከጀበናዋ መቀመጫ ሥር ጠቆር ብሎ ወደ ቀኝ እየሳሳ መሄድ አለበት። ያ ከሥሯ ያለው ጠቆር ያለ ቀጭን መስመር ከሌለ ጀበናዋ አየር ላይ የተንሳፈፈች ትመስላለች። ጥላውን ለብቻው ሌየር ላይ ሠርተው የሌየሩን ሁነታ ከሥሩ ያለውን በሚያጠቁረው `Multiply` አደረጉት፤ የረከቦቱ እንጨት ከሥሩ እንዲታይ።

ተጠናቀቀ ሲባል አንዷ ልጅ ፎቶውን አጉልታ ስታይ ከነጮቹ ሲኒዎች በአንዱ ጎን ላይ ሰማያዊ ጥላ አየች። የፔርሙዙ ቀለም ሲኒው ላይ አንጸባርቆ ነበር። ፔርሙዙ ከሄደ በኋላም ቀለሙ እዚያው ቀርቷል። በዚያች ቦታ ብቻ የቀለሙን ድምቀት ቀንሰው አስተካከሉት። አንድ ዕቃ ሲቀየር ዕቃው ብቻ ሳይሆን ጥላውና ነጸብራቁም አብረው መቀየር አለባቸው። ይህን የሚያውቅ ዓይን በዚህ ዕድሜ ማየት በጣም አስደስቶኛል።

እናትየው ፎቶውን ሲቀበሉ እርማት አልጠየቁም። አንድም ጊዜ።

ለመጪው ዓመት ልጆቹ ከዚህ መልእክት ተነስተው የጥያቄ ቅጽ አዘጋጅተዋል። ያልተነካው ዋና ፎቶ፣ ምልክት ያለበት ቅጂ፣ የሚቀየረው ዕቃ ስም፣ ማሳያ ፎቶውና ከእሱ ምን እንደሚወሰድ፣ መነካት የሌለበት ነገር፣ የኅትመቱ መጠን ይጠየቅበታል። የመታወቂያ፣ የሰርተፊኬትና የማናቸውም ሰነድ ፎቶ ግን አንቀበልም፤ ይህም ቅጹ ላይ ተጽፏል። ቅጹ ከመስከረም ጀምሮ በቤተ መጻሕፍቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ አጠገብ ይገኛል። ዕቃ ለማስቀየር የምታስቡ ደግሞ ማሳያውን ከማንሳታችሁ በፊት ብርሃኑ በዋናው ፎቶ ላይ ከየት እንደሚመጣ እዩልን።