ስለ ውሃ ኮሚቴው ንግግር

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ በመንደር ስብሰባ «ለጥገና አዋጡ» ሲል ሰዉ «ፓምፑ እየሠራ ለምን?» ይላል። ንግግሩ ከፓምፑ ጎማ ቢጀምር ይሻላል። የአፍሪዴቭ የእጅ ፓምፕ የፒስተን ጎማ ሲያልቅ ፓምፑ ወዲያው አይቆምም፤ ጄሪካን የሚሞላው በብዙ ምት ይሆናል፣ ሰልፉም ይረዝማል። ጠዋት ውሃው የሚመጣው ብዙ ከተመታ በኋላ ከሆነ ግን የሚጠረጠረው የታችኛው ቫልቭ ወይም ቱቦው ነው።

ሂሳቡም በግልጽ ይነገር። 60 አባወራ በየወሩ 20 ብር ቢያዋጣ በዓመት 14,400 ብር ይሆናል። ብሩ በሦስት ሰው ፊርማ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሂሳብ ይግባ፤ ቤት የተቀመጠን ብር ሰው ለለቅሶም ለሠርግም ይበደረዋል።

ሰልፉ ላይ እያንዳንዱ ቤት መጀመሪያ አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ይቅዳ። ሁለተኛው ዙር የሚጀመረው ሁሉም ከደረሰው በኋላ ነው፤ በአህያ የሚጭነውም ተራው ያው ነው።

ከአክብሮት ጋር