የተከራየናቸውን ዕቃዎች ስለ መረከብና ስለ መመለስ

ለተከበራችሁ የእድራችን አባላት፦

ለጠቅላላ ስብሰባችን የተከራየናቸው 2 ድንኳኖች፣ 200 የፕላስቲክ ወንበሮችና 6 ትልልቅ ብረት ድስቶች ቅዳሜ ጠዋት ሲመጡ፣ የእድሩ ዕቃ ያዥ የጭነት መኪናው ሳይሄድ ከአከራዩ ሠራተኛ ጋር ቆጥሮ ይረከባል። ወንበሮቹ እንደተደራረቡ አይቆጠሩም፤ እግሩ የተሰነጠቀው ብዙውን ጊዜ ከመሐል ስለሚገኝ፣ አሥር አሥር እየተደረጉ አንድ በአንድ ይታዩና ጉድለቱ ሁለቱም ሳይፈርሙ በርክክቡ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ አለዚያ ሲመለስ ሒሳቡ በእኛ ላይ ይወድቃል። የድንኳኑ ሸራ፣ ምሰሶና ካስማ ለየብቻ ይመዘገባል።

ድስት እምብዛም አይጠፋም፤ የሚጠፋው ክዳኑ ነው። ከየቤቱ ከሚመጣው ጋር እንዳይቀላቀል የኪራዩ ድስትም ክዳንም እጀታው ላይ ቀጭን ሽቦ ይታሰርበት፤ ጨርቅ እሳት ላይ ይቃጠላል። የተረፈ ወጥ በኪራይ ድስት ወደ ቤት መውሰድ አይፈቀድም። የመመለሻው ቆጠራ እሑድ ማታ ድንኳኑ ሳይፈርስ፣ በዚያው ወረቀት ይካሄዳል።