ተስፋ ቡድኑ ከመፍረሱ በፊት የተቀያሪዎች ወንበር ይታይ

ለከተማችን ስፖርት ጽሕፈት ቤት
ለክለባችን የሥራ አመራር ኮሚቴ

ክቡራን ሆይ፣

ላለፉት ዘጠኝ የውድድር ዘመናት የክለባችንን ጨዋታዎች ከሜዳው ዳር ተቀምጬ በእጄ ስመዘግብ ቆይቻለሁ። ማን ስንት ደቂቃ ተጫወተ፣ ስንት ኳስ ወደ ጎል ተመታ፣ ጎሉ በስንተኛው ደቂቃ ገባ፣ ሁሉም በደብተሬ አለ። ኮሚቴው ለጠቅላላ ጉባኤ ያዘጋጀውን የዓመቱን ሪፖርት ረቂቅ አንብቤዋለሁ። ረቂቁ አሠልጣኙ እንዲሰናበት፣ ሁለት አጥቂዎች እንዲገዙ፣ ከ20 ዓመት በታች ያለው ተስፋ ቡድን ደግሞ «ለዋናው ቡድን ተጫዋች አላፈራም» ተብሎ እንዲፈርስ ይጠይቃል። ሦስቱም የተነሡት ቁጥሮቹ ከተነበቡበት መንገድ ነው፤ እኔም የምጽፍላችሁ ስለዚሁ ንባብ ነው።

ከውጤቱ ልጀምር። በመጀመሪያው ዙር 28 ነጥብ፣ በሁለተኛው 17 ነጥብ አግኝተን ዓመቱን በ45 ጨርሰናል። ረቂቁ የመጀመሪያውን ዙር «ስኬታማ»፣ ሁለተኛውን «የወደቅንበት» ይለዋል። ፍጹም ቅጣት ምቶቹን ለብቻ አውጥታችሁ ብትቆጥሩ ግን በሁለቱም ዙር ያስቆጠርነው እኩል 14 ጎል ነው። ልዩነቱ በመጀመሪያው ዙር አምስት ፍጹም ቅጣት ምት አግኝተን አምስቱንም ማስቆጠራችን፣ በሁለተኛው ግን ሁለት አግኝተን አንዱን መሳታችን ነው። ከስምንቱ የመጀመሪያ ዙር ድሎቻችን ስድስቱ በአንድ ጎል ልዩነት የተገኙ ናቸው። በሁለተኛው ዙር ከተሸነፍንባቸው ስድስት ጨዋታዎች አምስቱም እንዲሁ በአንድ ጎል ልዩነት ናቸው። ተቃራኒ ቡድኖች ወደ ጎላችን የመቱት ኳስ ብዛት በሁለቱ ዙሮች ተቀራራቢ ነበር። መጀመሪያ ላይ እንደተባለው ጎበዝ አልነበርንም፤ በኋላም እንደተባለው አልፈረስንም። ስለዚህ አሠልጣኙን ከታኅሣሥ በፊት ለምን አመሰገናችሁት፣ ከዚያ በኋላስ ለምን ታባርሩታላችሁ ብዬ ብጠይቅ በቡድኑ አጨዋወት ላይ መልስ የሚሆን ለውጥ አላገኝም። አጥቂ መግዛቱም ያው ነው፤ ጎል የማስቆጠር አቅማችን አልቀነሰም።

የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ዓመቱን ሙሉ ከገቡብን 31 ጎሎች 13ቱ የገቡት ከ75ኛው ደቂቃ በኋላ ነው። በየትኛውም ሊግ የመጨረሻው ሩብ ሰዓት ጎል የሚበዛበት መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም የእኛ ከልክ ያለፈ ነው፤ ከ13ቱም አሥሩ በሁለተኛው ዙር የተቆጠሩ ናቸው። እነዚህ ጎሎች በስድስት ጨዋታዎች ላይ ዘጠኝ ነጥብ አሳጥተውናል፤ ሦስት ጊዜ ከድል ወደ አቻ፣ ሦስት ጊዜ ከአቻ ወደ ሽንፈት አወረዱን። እግራቸው የዛለ ተጫዋቾች ናቸው በእነዚያ ደቂቃዎች ሜዳ ላይ የነበሩት። የጨዋታው ሕግ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ ጨዋታ አምስት ተጫዋች መቀየርን በቋሚነት ፈቅዷል፤ ሊጋችንም ይህንኑ ይጠቀማል። በ30 ጨዋታ 150 ቅያሪ ነበረን። የተጠቀምንበት 71 ብቻ ነው፤ ከግማሽ በታች። ዘጠኝ ተጫዋቾች ሙሉ ዓመቱን ማለት ይቻላል ያለ ዕረፍት ተጫውተዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ረቂቁ ተስፋ ቡድኑን የሚከሰው ለዋናው ቡድን ሰው አላበቃም ብሎ ነው። ነገር ግን አራት ወጣቶች በዋናው ቡድን ተመዝግበው ነበር። ቡድኑ በዓመቱ ከተጫወተው ጠቅላላ ደቂቃ፣ ይኸውም 11 ተጫዋች በ90 ደቂቃና በ30 ጨዋታ ሲባዛ ከሚመጣው 29,700 ደቂቃ፣ ለአራቱ በድምሩ የደረሳቸው 614 ነው። ሁለት በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ያልተጫወተን ልጅ አልበቃም ማለት እንዴት ይቻላል?

አንዱን ልጅ በቅርብ ላሳያችሁ። ስሙን አልጠራም፤ 27 ቁጥር ለባሹ የግራ መስመር ተጫዋች ነው። 17 ዓመቱ ነው። በዓመቱ 22 ጊዜ በተቀያሪዎች ወንበር ተቀምጧል፤ 11 ጊዜ ተነሥቶ ሰውነቱን አሟሙቋል፤ ሦስት ጊዜ ገብቷል፤ የተጫወተው 19 ደቂቃ ነው። በመጨረሻው የሜዳችን ጨዋታ በ60ኛው ደቂቃ ተነሥቶ በመስመሩ ዳር መሮጥ ጀመረ። አንድ ለዜሮ እየመራን ነበር። ለሃያ ደቂቃ ያህል ሲሮጥ ቆይቶ ማንም ሳይጠራው ሲቀር ጃኬቱን ደርቦ ተቀመጠ። በ86ኛው ደቂቃ የአቻነቱ ጎል ገባብን። በ88ኛው ተጠራ። እግሩ በርዷል፤ የመጀመሪያዋ ኳስ ስትደርሰው ከቁጥጥሩ ወጥታ በመስመሩ አለፈች፤ ከኋላዬ ያሉ ደጋፊዎችም ጮኹበት። በሪፖርቱ ላይ የዚያ ልጅ ነገር «ዕድል ተሰጥቶት አልተጠቀመበትም» በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተጠቃሏል። ያን ዓረፍተ ነገር ሳነብ በጣም አዘንኩ።

የባሰው ደግሞ ከሜዳ ውጭ የሚሆነው ነው። ተስፋ ቡድኑ የሚጫወተው ዋናው ቡድን በሚጫወትበት ቀን ነው። ልጁ ወንበር ላይ በተቀመጠባቸው በ22ቱም ቀናት የእኩዮቹ ጨዋታ አምልጦታል። ወደ ዋናው ቡድን ማደጉ ጨዋታ ከማግኘት ይልቅ ጨዋታ አሳጣው ማለት ነው። ባለፈው ዓመት በየሳምንቱ 90 ደቂቃ ይጫወት የነበረ ልጅ ዘንድሮ ልምምድ ብቻ ሲሠራ ከረመ። በ17 ዓመት እንዲህ ያለ አንድ ዓመት ከባድ ኪሳራ ነው፤ በኋላ የሚካካስም አይደለም።

አሠልጣኙን ስለዚህ ጉዳይ አነጋግሬዋለሁ። ሳይሸሽግ ነገረኝ፦ ውሉ የአንድ ዓመት ነው፤ በውሉ ላይ የተጻፈው ግዴታ ደረጃ ብቻ ነው። በ70ኛው ደቂቃ ልጅ አስገብቶ ቢሸነፍ ተጠያቂው እሱ ነው፤ የደከመ ነባር ተጫዋች አቆይቶ ቢሸነፍ ግን ማንም አይወቅሰውም። እንዲህ ያለ ውል የሰጠነው እኛው ነን። ሌላ አሠልጣኝ በዚሁ ውል ብንቀጥር የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ከ17 ዓመት በታች ቡድናችንንም አይቼዋለሁ። ከ24ቱ ልጆች 13ቱ የተወለዱት በምዝገባው ዓመት የመጀመሪያ ሦስት ወራት ውስጥ ነው፤ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት የተወለደ አንድ ብቻ አለ። በእኩል ቢከፋፈሉ በየሩብ ዓመቱ ስድስት ስድስት ይሆኑ ነበር። ይህ በእኛ የተጀመረ አይደለም፤ በ1985 እ.ኤ.አ. የካናዳ ተመራማሪዎች በበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ላይ አሳይተውታል። በቤልጅየም ደግሞ በ1997 እ.ኤ.አ. የታዳጊዎች ምዝገባ መነሻ ከነሐሴ ወደ ጥር ወር ሲዛወር፣ «ተሰጥኦ አላቸው» ተብለው የሚመረጡት ልጆች የልደት ወርም አብሮ ተዛወረ። ችሎታ ከቀን መቁጠሪያ ጋር አይዛወርም። እኛ በምልመላ ቀን የምንመርጠው በጥቂት ወራት ቀድሞ ያደገውን፣ ረዘም ጠንከር ያለውን ነው ማለት ነው። በ20 ዓመታቸው ሌሎቹ ሲደርሱባቸው ደግሞ ተስፋ ቡድኑ አላፈራም እንላለን።

ስለ ተመልካች ረጅም አልጽፍም። ረቂቁ አማካዩ ከ1,710 ወደ 1,840 አድጓል ይላል። ስሌቱ ልክ ነው፤ ነገር ግን ጭማሪው ሙሉ በሙሉ ከደርቢው የመጣ ነው፤ ዘንድሮ 6,200 ሰው ሲገባ አምና በዝናብ ምክንያት 2,400 ብቻ ነበር የገባው። ደርቢው ሲወጣ የቀሩት 14 የሜዳችን ጨዋታዎች አማካይ ከ1,661 ወደ 1,529 ወርዷል። ይህም ቢሆን ደጋፊው ሸሽቷል ማለት አይደለም። በቅዳሜና እሑድ የመጣው ሰው ከአምናው በዝቷል። የቀነሰው በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ የተጫወትንባቸው ጨዋታዎች ከሁለት ወደ ስድስት ስላደጉ ነው። ከስድስቱ አራቱን ያዛወርናቸው ደግሞ ራሳችን ነን፤ ሜዳው ለሌላ ዝግጅት ስለተከራየ። ከኪራዩ የተገኘው ገቢ በሪፖርቱ አለ፤ በትኬት የታጣው ግን የለም። ሁለቱ ጎን ለጎን ይጻፉ።

በበኩሌ የምጠይቀው ይህን ነው። አሠልጣኙ ይቀጥልም አይቀጥልም፣ ቀጣዩ ውል ሁለት ዓመት ይሁንና ከደረጃው ጎን ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ተጫዋቾች የሚሰጥ ደቂቃ ይጻፍበት። ለመጀመሪያው ዓመት አምስት በመቶ፣ ማለትም 1,500 ደቂቃ ያህል ይበቃል፤ በየጨዋታው የመጨረሻ 25 ደቂቃ ላይ ሁለት ወጣቶች ቢገቡ የሚሞላ ነው። ማን መቼ ይግባ የሚለውን ግን ኮሚቴው አይንካ፤ ያ የአሠልጣኙ ሥራ ነው፤ እናንተ የምትጠይቁት በዓመቱ መጨረሻ ነው። አምስት በመቶው ነጥብ አያስጥለንም ብዬ ዋስትና አልሰጥም፤ ሊያስጥለን ይችላል። ዘንድሮ በድካም የጣልነው ዘጠኝ ነጥብ ግን በደብተሬ አለ።

ከዚህም ሌላ የተቀያሪዎች ስም ከጨዋታው ሁለት ቀን አስቀድሞ ይለይ፤ የመግባት ዕድል የሌለው ወጣት በዚያው ቀን ከተስፋ ቡድኑ ጋር ይጫወት። የታዳጊ ምልመላ ዝርዝር ሲቀርብላችሁም የልደት ወር ያለበት አምድ ይኑረው።

የታዳጊዎቹ የምዝገባ ሰነድም በየዓመቱ ተሟልቶ ይቀመጥ። አንድ ተጫዋች በውሉ ዘመን ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲዛወር፣ ከ12 ዓመቱ እስከ 23 ዓመቱ ያሠለጠኑት ክለቦች ከዝውውሩ ክፍያ አምስት በመቶውን እንደየድርሻቸው እንዲካፈሉ የፊፋ ደንብ ያዛል። ለመጠየቅ ግን ልጁ በየትኞቹ ዓመታት እኛ ዘንድ እንደተመዘገበ ማሳየት ያስፈልጋል። ከዚህ በፊት ከእኛ ዘንድ ወጥቶ ወደ ውጭ የሄደ ልጅ የሁለት ዓመት ሰነድ ፈልገን አጥተናል።

ተስፋ ቡድኑን የማፍረሱ ሐሳብ ለአንድ ዓመት እንዲቆይ እለምናለሁ። ከጉባኤው በፊት አንድ ሰዓት ብትሰጡኝ የዘጠኙን ዓመት ደብተሮች ይዤ እመጣለሁ፤ የዘንድሮውን ቅጂ ለክለቡ ጸሐፊ አስረክቤያለሁ። 27 ቁጥር ለባሹ ልጅ በሚቀጥለው ወር ውሉ ያልቃል፤ እስካሁን ማንም አላነጋገረውም።

ከአክብሮት ጋር፣
የክለቡ የጨዋታ መዝጋቢና የረጅም ዘመን አባል